«ከየካቲት 1 ጀምሮ 750 ብር»፦ የልብስ ሰፊው አጭር መልእክትና ከጀርባው ያለው ሒሳብ

አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ልኬቱ ከሰፊው ደብተር ላይ አለ፤ ጨርቁን ያስረክባል፣ የሚደርስበትን ቀን ይነጋገራል፣ ይሄዳል። የቆየ ደንበኝነት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ለአዲስ ሰው አዲሱን ዋጋ መንገር ቀላል ነው፣ የድሮውን አያውቅምና። የድሮውን ዋጋ በቃሉ ለሚያውቅ ሰው መንገር ግን ምላስ ያስራል። ስለዚህ ብዙ ሰፊዎች ዛሬ ነገ ሲሉ ይቆዩና ደንበኛው ልብሱን ሊወስድ በመጣበት ዕለት «ትንሽ ጨምረንበታል» ይላሉ። ልብሱ ተሰፍቷል፣ ደንበኛው የያዘው ብር የታሰበው ብቻ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ይሰማሉ። በዚህ ሰዓት የተነገረ ጭማሪ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ደንበኛውን የተታለለ ያህል ያስከፋዋል።

መፍትሔው አስቀድሞ የሚላክ አጭር መልእክት ነው። አጭር ይሁን እንጂ ከጀርባው በእርሳስ የተሠራ ሒሳብ ከሌለው አይቆምም። አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛ ባመጣው ጨርቅ ሱሪ የሚሰፋ አንድ ትንሽ ሱቅ እናስብ። ሱቁም የዋጋ ቁጥሮቹም ለማሳያ የቀረቡ ናቸው፤ የሒሳቡ አካሄድ ግን ለማንኛውም ሰፊ ይሠራል። ባለሱቁ ከጥምቀት በኋላ የሚከተለውን ጻፈ፦

«ጤና ይስጥልኝ ደንበኞቼ። ከየካቲት 1 ጀምሮ የሱሪ ስፌት ዋጋ ከ600 ወደ 750 ብር ከፍ ይላል። የዚፕ፣ የክርና የገበር ዋጋ በመጨመሩ፣ የሱቁ ኪራይና የሠራተኛ ክፍያም ከፍ በማለቱ በድሮው ዋጋ መቀጠል አልቻልኩም። ቀብድ የከፈላችሁ፣ እንዲሁም እስከ ጥር 30 ጨርቅ አስረክባችሁ የተለካችሁ በ600 ብር ትረከባላችሁ። ማሳጠርና ማጥበብ ባለበት ነው። ስለ ቆየው ደንበኝነታችሁ አመሰግናለሁ።»

መልእክቱ ከዚህ ብዙም አይረዝምም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ያለ ምክንያት አልገባም።

750 ብር ከየት መጣ?

ደንበኛው ጨርቁን ራሱ ካመጣ ለሰፊው የሚከፍለው የእጅ ዋጋ ነው። ሆኖም የእጅ ዋጋ የሚባለው ሁሉ ለሰፊው እጅ አይገባም። ለአንድ ሱሪ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ የኪስ ጨርቅና ወገቡን የሚያጠነክር ውስጠኛ ጨርቅ ያስፈልጋል። የእኛ ሰፊ ለእነዚህ ቀድሞ 110 ብር ያወጣ ነበር፤ አሁን 190 ብር ያወጣል። የሱቁ ኪራይ በወር 9,000 ብር ነበር፤ በወር 60 ሱሪ ስለሚያወጣ በአንዱ ሱሪ ላይ 150 ብር ያርፍ ነበር። አከራዩ ወደ 12,000 ከፍ ስላደረገው ድርሻው 200 ብር ሆነ። ጠርዝ የሚዘመዝመውና የሚተኩሰው ረዳት የሚከፈለው በቁጥር ነው፤ በሱሪ 120 ብር የነበረው 160 ደረሰ።

ድሮ ወጪው በጠቅላላ 380 ብር ነበር። ከ600 ብሩ 220 ብር ለሰፊው ይተርፋል። አሁን ወጪው 550 ነው። በድሮው ዋጋ ከቀጠለ የሚተርፈው 50 ብር ብቻ ነው። በወር ሲታይ ከ13,200 ብር ወደ 3,000 ብር ወርዷል ማለት ነው፤ ያውም ያንኑ 60 ሱሪ ሰፍቶ። ሰፊው ከነገሩ የሚነቃው ዘግይቶ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሱቁ እንደ ወትሮው ሰው አይጠፋበትም፣ መኪናው አያርፍም፣ ብር ይገባል። የጎደለው የሚታየው ወር ሲያልቅ የቤት አስቤዛ ሲገዛ ነው።

የቀድሞውን 220 ብር ለማስመለስ ዋጋው 770 መሆን ነበረበት። እሱ 750 አለ፤ 20 ብሩን ራሱ ቻለው። ለዝርዝር ብር አመቺ የሆነ ቁጥር ነው፣ በዚያ ላይ የቆየ ደንበኛ «አንተስ ምን ቻልክ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አለው።

«ደንበኛ ቢሸሽስ?» የሚለው ፍርሃትም በዚሁ ወረቀት ላይ ይመዘናል። ለአንድ ሱሪ የሚወጣው የዕቃና የረዳት ወጪ 350 ብር ነው። ከ750 ሲቀነስ 400 ይቀራል። ከ60ው ሱሪ 22ቱ ቢቀሩና 38 ብቻ ቢሰፋ 15,200 ብር ይሰበስባል፤ ኪራዩ 12,000 ሲወጣለት 3,200 ብር ይተርፈዋል። በድሮው ዋጋ 60 ሱሪ ሰፍቶ ከሚያተርፈው 3,000 ብር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ድካሙ ግን በጣም ይቀንሳል። ከሦስት ደንበኞች አንዱ ቢሸሽ እንኳ ከዛሬው የባሰ አይገጥመውም። ይህን ያወቀ ሰፊ መልእክቱን ሲጽፍ አይለማመጥም፤ ሰው ሲቆጣም ወዲያው ወደ ድሮው ዋጋ አይመለስም።

ለሁሉም እኩል መጨመር ስህተት ነው

ከ600 ወደ 750 የ25 በመቶ ጭማሪ ነው። ብዙ ሱቆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ «ሁሉም ነገር 25 በመቶ ጨምሯል» ብለው ይለጥፋሉ። ሱሪ ማሳጠር ዚፕ የለውም፣ ገበር የለውም፣ ክሩም ጥቂት ነው። የሚወስደው ጊዜ አጭር ስለሆነ ከኪራዩ የሚደርስበትም ትንሽ ነው። በሌላ በኩል የኮት ገበር፣ ኮሌታና ደረቱን የሚያጠነክረው ውስጠኛ ጨርቅ፣ ከትከሻው ሥር የሚገባው ስፖንጅ ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ በኮት ላይ 25 በመቶ ሊያንስ፣ በማሳጠር ላይ ደግሞ ሊበዛ ይችላል።

የቆየ ደንበኛ ልብ የሚለው ይህን ነው። በዓመት አንዴ ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው በየወሩ የሚያሳጥረው፣ የሚያጠብበው፣ የሚያስተካክለው አለው። ጥገናው ባለበት ከቀረ ወደ ሱቁ መመላለሱን አያቋርጥም። በመልእክቱ ውስጥ «ማሳጠርና ማጥበብ ባለበት ነው» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ለዚህ ነው። ዚፕ መቀየር ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ የዚፑ ዋጋ ራሱ ጨምሯልና።

«ዶላር ጨመረ» መቼ እውነት ይሆናል?

ምክንያት ሲጻፍ ደንበኛው ሊያረጋግጠው የሚችለውን መጻፍ ይበጃል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በወራት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዚፕ፣ ገበር፣ መርፌ፣ የመኪና መለዋወጫ የመሳሰሉት በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የዚህ ዳፋ ሰፊው ሱቅ ድረስ መጥቷል።

ይሁንና በእኛ ምሳሌ ከ170 ብር የወጪ ጭማሪ ውስጥ የዕቃው 80 ብር ነው። የቀረው 90 ብር ኪራይና የሠራተኛ ክፍያ ነው። «ዶላር ስለጨመረ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰፊ ግማሹን ነው የተናገረው። ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ያመጣ ደንበኛ «ጨርቁን እኔ ገዛሁት፣ ዶላሩንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ነካህ?» ቢለው ተገቢ ጥያቄ ነው። የዕቃውን ስም መጥራት ከዚህ ያድናል። ዚፕ ስንት እንደገባ ማንም መርካቶ ወርዶ ሊጠይቅ ይችላል።

ውጭ አገር ሆነው በዘመድ በኩል ለሚያሰፉ ደንበኞች ደግሞ ዶላርን ምክንያት ማድረግ ጨርሶ አያዋጣም። 600 ብር በቀድሞው ተመን ከ10 ዶላር በላይ ነበር፤ 750 ብር ዶላሩ 100 ብር ካለፈ ወዲህ ከ8 ዶላር በታች ነው። በእነሱ ኪስ ሲለካ ዋጋው ቀንሷል። ለእነሱ የሚላከው መልእክት ዋጋውን በብር ጽፎ ምክንያቱን በዕቃና በኪራይ ማቅረብ ይኖርበታል።

ኪራይን በተመለከተ አንድ ነገር ለደንበኛ ግልጽ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚቆጣጠረው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው፤ የሱቅ ኪራይ በእሱ አይሸፈንም። ደንበኛው የራሱ ቤት ኪራይ ባለበት ቆሞ የሰፊው ሱቅ ኪራይ ሊጨምር ይችላል። መብራትም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየደረጃው እየጨመረ ነው፤ በስፌት ሱቅ ውስጥ ከመኪናው ይልቅ መብራት የሚበላው ካውያው ነው። ሆኖም ከዚፕና ከኪራይ ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ትንሽ ስለሆነ መልእክቱ ውስጥ አልገባም። ሰበብ ሲበዛ እውነተኛው ምክንያት ይደበዝዛል።

ቀብድ የከፈለ ሰው በምን ዋጋ ይረከባል?

በድሮው። እዚህ ላይ ሰፊው ቸርነት እያሳየ አይደለም፤ ሕግ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋሉት ሰዎች እንደ ሕግ ያህል ያስገድዳል ይላል። ሱሪ ለመስፋት የሚደረግ ስምምነት የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ልኬት ተወስዶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ጨርቅ ከተረከበ ስምምነት አለ። አንዱ ወገን ብቻውን ዋጋውን ሊለውጠው አይችልም።

ሕጉ ስለ ቀብድም ለብቻው ይናገራል። ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ 300 ብር ቀብድ ተቀብሎ «በአዲሱ ዋጋ ካልሆነ አልሰፋም» የሚል ሰፊ 600 ብር እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው የተከፈለ ግማሽ ሒሳብ ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ብሎ ከነጠቅላላ ዋጋው መጻፍ ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል።

ከዚህ ጋር የዋጋ ዝርዝሩ ይከተላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። በስልክ 750 ተብሎ ተልኮ ግድግዳው ላይ ግን 600 እንደተለጠፈ ከቀረ፣ ደንበኛው የሚያምነው ግድግዳውን ነው። የካቲት 1 ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ወረቀቱ መቀየር አለበት።

መቼ ይላክ? በምን ይላክ?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነውና የሰፊ ዓመት የሚለካው በበዓል ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድ፣ የጥር ሰርግ፣ የመስከረም ዩኒፎርም እያለ ይሄዳል። በዓል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የተነገረ ጭማሪ፣ ምክንያቱ ትክክል ቢሆንም፣ «በዓሉን ተገን አድርጎ ጨመረብን» ያሰኛል። የእኛ ሰፊ መልእክቱን ጥምቀት አልፎ ነው የላከው፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ጊዜ ሰጥቷል።

ሁለት ሳምንቱ ግን የራሱ አደጋ አለው። «እስከ ጥር 30 በድሮው ዋጋ» ሲባል ሰው ጨርቅ ይዞ ይጎርፋል። በ50 ብር ትርፍ የሚሰፋ የሁለት ወር ሥራ ተቀብሎ የካቲትንና መጋቢትን በኪሳራ ዳር የሚያሳልፍ አለ። መልእክቱ «ጨርቅ አስረክባችሁ የተለካችሁ» ያለው ለዚህ ነው። «መዝግበኝ፣ ጨርቁን በኋላ አመጣለሁ» የሚለው ሰው በድሮው ዋጋ አይካተትም። የማስታወቂያው ጊዜ ከወር በላይ መርዘም የሌለበትም ለዚሁ ነው።

የሚላክበት መንገድም ርዝመቱን ይወስናል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ የስልክ አጭር መልእክት አንዱ ክፍል 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ መልእክቱ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። ከላይ ያየነው መልእክት አራት አምስት ክፍል ይሆናል፤ በመቶ ደንበኛ ሲባዛ ቀላል አይደለም። ቴሌግራም ላላቸው ሙሉውን በዚያ መላክ ይቻላል። ለሌሎቹ ዋናውን ብቻ አሳጥሮ፣ «ከየካቲት 1 ሱሪ 750 ብር። እስከ ጥር 30 የተለካ በ600» ብሎ መላክ በአንድ ክፍል ያልቃል።

ስልካቸውን የማያነቡ እናቶችና አባቶችም አሉ። ለእነሱ በአካል ሲመጡ፣ ሜትሩ ትከሻቸው ላይ ሳያርፍ በፊት መንገር ነው፦ «እትዬ፣ ከየካቲት አንድ ጀምሮ ሱሪ ሰባት መቶ ሃምሳ ሆኗል፤ ዚፑም ኪራዩም ጨምሮብኝ ነው። የዛሬውን በስድስት መቶ እሰፋልዎታለሁ።» ቃሉ ከጽሑፉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ለአንዷ 700፣ ለሌላዋ 750 ከተባለ ዕድር ላይ ሲገናኙ ይነጻጸራል። ለጥቂት ሰዎች በምስጢር የተያዘ የድሮ ዋጋ ከጭማሪው ይልቅ ደንበኛ ያስቀይማል። ለቆዩት የተለየ ነገር ማድረግ የፈለገ ሰፊ በግልጽ ያድርገው፤ ለምሳሌ ያሰፉትን ሱሪ የመጀመሪያ ማሳጠር በነፃ።

መልእክቱን የሚያበላሹ ቃላት

«እንደምታውቁት ኑሮ ተወዷል» የሚለው መነሻ ምንም አይነግርም፤ ኑሮ ለደንበኛውም ተወዷል። «ትንሽ ማስተካከያ አድርገናል» የሚለው ደግሞ ቁጥሩን ይደብቃል፤ ደንበኛው ትንሽ የሚባለው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሱቅ ድረስ መምጣት አለበት። ይቅርታ መደጋገምም አይረዳም። አንድ ጊዜ ማመስገን ይበቃል፤ አምስቴ ይቅርታ የተጠየቀበት ዋጋ ለድርድር የቀረበ ይመስላል። ጥራት እንደሚሻሻል ቃል መግባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሱሪው ያው ሱሪ ነው፤ የጨመረው ወጪው ነው። «ጥራታችንን ስላሻሻልን» ብሎ የጻፈ ሰፊ በሚቀጥለው ወር ስፌቱ ሲተረተር ሁለት ጊዜ ይወቀሳል።

ደንበኛም ከመልእክቱ ሊፈልግ የሚገባው ግልጽ ነው፦ የድሮው ዋጋ፣ አዲሱ ዋጋ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የጨመረው ዕቃ ወይም ወጪ ስም፣ ቀብድ የከፈለ ሰው የሚስተናገድበት ሁኔታ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መጠየቅ መብቱ ነው። አምስቱም ካሉ ግን በዋጋው ላይ ከመከራከሩ በፊት ሒሳቡን ያስበው፤ 600 ብር የሚከፍልበት ሱሪ ለሰፊው 550 ብር እያስወጣው ከሆነ፣ በዚያ ዋጋ የሚዘልቅ ሱቅ አይኖርም።